ሎኬሽን ልኬም ሾፌሩ ከጓሮዬ አጥር ማዶ ይቆማል፤ ስህተቱ የት ነው?

በአንድ የኢንተርኔት መድረክ ላይ ከላይ ባለው ጥያቄ የውይይት ክር የከፈተው ሰው ቤቱ የመንገድ ስምም የቤት ቁጥርም የለውም። ዕቃ ባዘዘ ቁጥር ከስልኩ ሎኬሽን ይልካል፣ ነጥቡም በካርታው ላይ ልክ የቤቱ ጣሪያ ላይ ያርፋል። ሾፌሩ ግን ሁልጊዜ የሚቆመው ከግቢው ኋላ ባለው ትልቅ መንገድ ላይ፣ ከጓሮው አጥር ማዶ ነው። ከዚያ መደዋወል ይጀመራል፣ ዞሮ እስኪመጣም ጊዜ ይባክናል። ነጥቡ ትክክል ከሆነ ሾፌሩ ለምን ይሳሳታል፣ የሚላከው መልእክትስ ምን ምን ይያዝ ሲል ጠየቀ። ደግነቱ ልኮቹንም አስቀምጧል። ትልቁ መንገድ ከቤቱ 12 ሜትር ያህል ይርቃል። የግቢው በር የሚከፈተው በሌላው ወገን ወዳለ ጠባብ ቅያስ ሲሆን፣ ከቤቱ እስከዚያ ቅያስ 25 ሜትር ገደማ አለ። ቅያሱ ከአፉ እስከ በሩ 90 ሜትር ይሄዳል፤ ከበሩ ጥቂት አለፍ ብሎም ይዘጋል።

1. የመጀመሪያው መላሽ ጥፋቱን በቀጥታ ስልኩ ላይ ጣለው። ቤት ውስጥ ሆነህ ስለምትልክ ነው፣ ወጥተህ ሰማይ ከሚታይበት ቦታ ግማሽ ደቂቃ ያህል ቆመህ ላክ አለው። ምክሩ በራሱ ክፉ አይደለም። ጣሪያ ሥር ያለ ስልክ የሳተላይቱ ምልክት በደንብ ስለማይደርሰው በአካባቢው ባሉ የዋይፋይ ሳጥኖች ተመርቶ ይገምታል፤ ከሌላ ሰፈር በቅርቡ የመጣ ሳጥን ካለ ደግሞ ግምቱ ወደ ቀድሞው ሰፈር ሊወስደው ይችላል። ግን ጠያቂው ነጥቡ ጣሪያው ላይ እንደሚያርፍ ቀድሞ ተናግሯል። መላሹ ያንን መስመር የዘለለው ይመስለኛል።

2. ክሩን የተሸከመው ሁለተኛው መላሽ ነው። ካርታው ሁለት የተለያዩ ሥራዎች እንደሚሠራ በማስረዳት ጀመረ፤ ነጥቡን ማሳየት አንድ ነው፣ ወደ ነጥቡ የሚያደርስ መንገድ ማውጣት ሌላ። ተሽከርካሪ ግቢ ለግቢ ስለማይሄድ፣ መንገድ የሚያወጣው ክፍል ብዙውን ጊዜ ጉዞውን የሚጨርሰው ነጥቡ ላይ ሳይሆን ለነጥቡ እጅግ ቅርብ በሆነው የተሳለ መንገድ ላይ ነው። ቅርበቱንም የሚለካው በአየር ላይ እንደተወጠረ ገመድ በቀጥታ ነው። አጥር አያይም፣ በሩ ወዴት እንደሚከፈትም አያውቅም። ስለዚህ 12 ሜትር ከ25 ሜትር ስለሚያንስ ሾፌሩን ወደ ጓሮው ይወስደዋል። ነጥቡ ምንም ያህል ትክክል ቢሆን ውጤቱ አይለወጥም፤ እንዲያውም ነጥቡ ጣሪያው መሐል በትክክል ባረፈ ቁጥር ስህተቱም በየጊዜው ያው ይሆናል።

ቀጥሎ መፈተኛውን ሰጠ። ነጥቡን ለሾፌር ከመላክ በፊት ራስህ ካርታው ላይ ክፈተው፣ መነሻውን አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ከሚርቅ ቦታ አድርግና የመኪና መንገድ አውጣልኝ በለው። ወፍራሙ መስመር የሚያልቅበት ቦታ ሾፌሩ የሚቆምበት ነው። ከዚያ እስከ ነጥቡ ነጠብጣብ መስመር ከቀረና ያ ነጠብጣብ አጥር የሚያቋርጥ ከሆነ ችግሩ ተገኘ ማለት ነው። መፍትሔውም አሁን ያለሁበት የሚለውን መላክ ትቶ፣ ካርታውን አጉልቶ የግቢው በር ላይ በጣት ጫን በማድረግ ፒን መጣልና እሱን መላክ ነው። ከእንዲህ ዓይነት ክሮች በአንድ መልስ ይህን ያህል የሚያስጨብጥ ብዙም አላየሁም።

3. ሦስተኛው ሌላ መንገድ አመጣ። ዓለምን ሦስት ሜትር በሦስት ሜትር በሆኑ ካሬዎች ከፋፍሎ ለእያንዳንዱ ሦስት ቃል የሚሰጠውን መተግበሪያ ተጠቀም አለ። ሦስት ሜትር ማለት በሩ ራሱ ማለት ነው፣ ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋለህ ዓይነት ነበር ንግግሩ።

4. አራተኛው ትሕትና አላበዛም። ስልክ በጠራ ሰማይ ሥር እንኳ አምስት ሜትር ያህል ሊስት ይችላል፣ በሕንፃዎች መሐል ደግሞ ከዚያ ይብሳል፤ ታዲያ አምስት ሜትር በሚስት መሣሪያ ሦስት ሜትር ካሬ መምረጥ ምን ትርጉም አለው አለ። ችግሩ ካሬው ማነሱ ብቻ እንዳልሆነም አከለ። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ካሬዎች ቃሎቻቸው ፈጽሞ ስለማይመሳሰሉ፣ አንዱ ቃል ቢሳሳት ሾፌሩ የት አካባቢ እንደሆነ እንኳ መገመት አይችልም። በመጨረሻም ጥያቄው ነጥቡ ልክ ነው ወይስ አይደለም የሚል አልነበረም ብሎ ወደ 2ኛው መልስ መለሳቸው። ጠንከር ያለ ነው፤ ነገር ግን የ3ኛውን ምክር ስህተት የለየው እሱ ነው። በእጅ መርጦ ካሬውን የሚወስድ ሰው ላይ ግን ክርክሩ ያን ያህል አይሠራም፤ ያኔ የስልኩ ስህተት ውስጥ አይገባም።

5. አምስተኛዋ ጥያቄውን ሌላ አድርጋ ነው ያነበበችው። ለመሥሪያ ቤት ቅጽ የሚሆን አድራሻ ከየት እንደሚገኝ፣ ፖስታ ሣጥን ቢከራይ እንደሚሻል በዝርዝር ጻፈች። ማንም አልመለሰላትም።

6. ጠያቂው ተመለሰ። ፈተናውን ሞክሮ መስመሩ በእርግጥም ትልቁ መንገድ ላይ እንዳለቀና ነጠብጣቡ አጥሩን እንደሚያቋርጥ አየ። ፒኑን ወደ በሩ ሲያዛውረው በአንዱ የካርታ መተግበሪያ ተስተካከለ። ሾፌሮቹ በሚጠቀሙበት በሌላው ላይ ግን ቅያሱ ጨርሶ አልተሳለም፤ እዚያ ፒኑ በሩ ላይ ሆኖም መስመሩ ዞሮ ዞሮ ትልቁ መንገድ ላይ አለቀ።

7. ሁለተኛው መላሽ በሰባተኛው ቁጥር ይህንኑ ጠብቆ እንደነበር ተናገረ። ካርታ የማያውቀው መንገድ ላይ ፒን መጣል ትርፉ ድካም ነው። ያኔ ፒኑ መቀመጥ ያለበት ሾፌሩ የሚጠቀምበት ካርታ በሚያውቀው መንገድ ላይ፣ ተሽከርካሪ ቆም ሊልበት በሚችልበት የመጨረሻው ቦታ ነው፤ በዚህ ቤት ጉዳይ ቅያሱ አፍ ላይ። የፒኑ ሥራ እዚያ ያበቃል፣ የቀረውን 90 ሜትር ቃል ይረከባል። ሁለቱን ማደባለቅ ግን አይገባም አለ። ፒኑ ቅያሱ አፍ ላይ ሆኖ ሳለ ጽሑፉ ቤቱ ጋ ቆመሃል በሚል ስሜት ከጀመረ፣ ሾፌሩ አፉ ላይ ያለውን የሌላ ሰው በር ያንኳኳል። ስለዚህ የጽሑፉ የመጀመሪያ ቃል ፒኑ የት እንዳለ መናገር አለበት።

8. ስምንተኛው ዕቃ የሚያደርስ ሰው ነው። ከሌላኛው ወገን የመጣ ብቸኛው ሰው ስለሆነ እሱ ጋ ረዘም ላድርግ። ሾፌር መልእክት የሚያነበው ቆሞ፣ አንድ ጊዜ፣ ቢበዛ ሁለት ጊዜ ነው አለ። አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሦስት መታጠፊያ ካለ የመጀመሪያውን ይዞ ይሄዳል፣ ሁለተኛው ላይ ይረሳዋል። ቀኝና ግራ የሚባለው ከየት እየመጣሁ እንደሆነ ካልተነገረኝ አይጠቅመኝም፤ ላኪው ከቤቱ ሲወጣ የለመደውን ቀኝ ይጽፋል፣ እኔ የምመጣው ከተቃራኒው ነው። ሁለተኛው መታጠፊያ ሲሉኝም የእግር መንገዱን ይቆጥሩ አይቁጠሩ አላውቅም፤ መኪና የሚያስገባ ሁለተኛው መታጠፊያ ቢሉ ግልጽ ነው። ሃምሳ ሜትር ሂድ የሚለውንም መንገድ ላይ ሆኖ የሚለካው የለም፣ ምሰሶ መቁጠር ግን ማንም ይችላል።

ስለ ምልክቶችም ተናገረ። ቀለምና የሱቅ ማስታወቂያ ይለወጣሉ፣ የቆመ መኪና ይሄዳል፣ ማታ ደግሞ ቢጫ በርና ነጭ በር አንድ ናቸው። የማይነቀል ነገር ይሻላል፤ ምሰሶ፣ የውኃ ታንከር፣ የመንገዱ መጨረሻ። ከሁሉም በላይ የሚፈልገው ግን ማንም የማይጽፍለት አንድ ነገር እንደሆነ ገለጸ፤ ቦታውን ካለፍኩት ማለፌን የሚያሳውቀኝ ምልክት። መታጠፊያውን የሳተ ሾፌር መሳቱን የሚያውቀው ሩቅ ከሄደ በኋላ ነው፤ እዚህ ከደረስክ አልፈሃል የሚል አንድ ሐረግ ካለ ግን ወዲያው ይመለሳል። ይህ ነጥብ ለእኔ አዲስ ነበር።

9. ዘጠነኛዋ ይህ ሁሉ ጽሑፍ ለምን፣ በድምፅ ላኩለት አለች። በድምፅ መናገር ይቀልላል፣ ሾፌሩም እየነዳ ይሰማዋል።

10. ስምንተኛው ወዲያው መለሰላት፤ ቃሉም ሻከር ያለ ነበር። የአንድ ደቂቃ ድምፅ ውስጥ የሚፈለገው ነገር አርባኛው ሰከንድ ላይ ነው፣ እሱን ፍለጋ ወደኋላና ወደፊት መጎተት አለብኝ፣ ሞተር ላይ ሆኜ በነፋስ ውስጥ ደግሞ ግማሹ አይሰማም አለ። እሷም ማንበብ የሚቸገር ሾፌር እንዳለ መርሳት የለብህም ስትል መለሰች። እሱ ለዚህ መልስ አልነበረውም። እንደ እኔ እንደ እኔ ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ አሥራ አምስት ሰከንድ የማይሞላ ድምፅ ከጽሑፉ ጋር ቢላክ ክርክሩ ባላስፈለገ ነበር።

11. አሥራ አንደኛው ማንም ያላሰበውን አነሳ፤ ሾፌሩ ስልኩ ላይ ዳታ ባይኖርስ? አጥሮ የሚላክ የካርታ ሊንክ ኢንተርኔት ከሌለ አይከፈትም፣ ውስጡም ምንም የሚነበብ ነገር የለውም። የነጥቡ የኬክሮስና የኬንትሮስ ቁጥሮች ራሳቸው ከተላኩ ግን አስቀድሞ ካርታ ያወረደ ሰው ፍለጋው ላይ ጽፎ ያገኛቸዋል። ሊንክም ቁጥርም በአንድ ላይ የሚሆን አጻጻፍ አሳየ፤ ምሳሌው ዙሪክ ውስጥ ያለ ነጥብ ነው፦

```
https://www.google.com/maps/dir/?api=1&destination=47.36559,8.52499
```

ይህ ሲነካ በቀጥታ መንገድ ማውጣት ይጀምራል፣ ባይከፈትም ቁጥሮቹ በዓይን ይታያሉ። ከአሥርዮሽ ነጥቡ በኋላ አምስት አኃዝ እንደሚበቃ ነገረን፤ አምስተኛው አኃዝ አንድ ሜትር ያህል ነው፣ ከዚያ በላይ ያለው ስልኩ ራሱ የማያውቀው ነገር ነው። ሁለቱን ቁጥሮች ያገላበጠ ወይም የመቀነስ ምልክቱን የረሳ ሰው ሾፌሩን ወደ ሌላ አገር ወይም ወደ ባሕር እንደሚልክም አስጠነቀቀ። ደግነቱ ይህ ስህተት ራሱን ይናገራል፤ ካርታው ሲከፈት ጉዞው በሺህ ኪሎ ሜትር ነው።

ከዚያም ወደ አጭር መልእክት አለፈ። በአማርኛ ፊደል የሚላክ አጭር መልእክት አንዱ የሚይዘው 70 ፊደል ብቻ ነው፣ በላቲን ፊደል ቢሆን 160 ነበር። ከ70 ካለፈ ይቆራረጣል፣ እያንዳንዱ ቁራጭም 67 ይይዛል፤ አንዳንድ ስልክ ላይ ቁራጮቹ ተለያይተው ወይም ቅደም ተከተላቸው ተዛብቶ ይደርሳሉ። ሾፌሩ መጨረሻውን መጀመሪያ ካነበበ ምን ይሆናል ብሎ ጠየቀና ሄደ።

12. አሥራ ሁለተኛው በቁጥር ፈንታ ቦታን በአጭር የፊደልና የአኃዝ ኮድ የሚገልጸው ፕላስ ኮድ ይሻላል ባይ ነው። ያንኑ የዙሪክ ነጥብ ወስዶ ሙሉ ኮዱ `8FVC9G8F+6X` እንደሆነ፣ የከተማው ስም አብሮ ከተጻፈ ደግሞ የመጀመሪያዎቹን አራት ጥሎ `9G8F+6X` ብቻ ማለት እንደሚበቃ አሳየ። በስልክ ሲነገር ከአሥራ ምናምን አኃዝ ይቀልላል። ፊደላቱ ሃያ ብቻ ናቸው፤ ዜሮ፣ አንድ ቁጥርና የእንግሊዝኛ አናባቢዎች የሉባቸውም። ሾፌሩ መልሶ ሲያነብልህ ዜሮ ካለ ተሳስቶ ጽፏል ማለት ነው። ድክመቱንም አልሸሸገም፦ አንዱ ሣጥን በምድር ወገብ አካባቢ 14 በ14 ሜትር ያህል ነው፤ ሁለት በሮች ጎን ለጎን ባሉበት ቅያስ ሁለቱም አንድ ኮድ ሊኖራቸው ይችላል።

13. አሥራ ሦስተኛው ሕያው ሎኬሽን ብቻ ነው የምልከው፣ ችግር ገጥሞኝ አያውቅም አለ። ሁለተኛው መላሽ እዚህ ላይ አጠር አድርጎ ገባ። ሕያው ሎኬሽን ስልኩን እንጂ ቤቱን አይከተልም፤ ከላክህ በኋላ ከቤት ከወጣህ ሾፌሩ አንተን ተከትሎ ይመጣል። የጊዜ ገደቡ ካለቀም መከታተሉ ይቆማል፤ 15 ደቂቃ የመረጠ ሰው ሾፌሩ ግማሽ መንገድ ላይ ሳለ ይጠፋበታል። በዚያው ላይ ስልኩ ለመተግበሪያው የሰጠው ፈቃድ ትክክለኛ ቦታ ሳይሆን ግምታዊ ቦታ ከሆነ፣ ነጥቡ በኪሎ ሜትሮች ሊርቅ ይችላል። ይህንንም ለማወቅ በነጥቡ ዙሪያ ያለውን ክብ ማየት ነው፤ ክቡ ሰፈሩን በሙሉ ከዋጠ ፈቃዱን ይመልከት።

14. አሥራ አራተኛዋ የበሩን ፎቶ ስለመላክ ጠየቀች፣ ስምንተኛውም ፈጥኖ መለሰ። ፊት ለፊት የተነሣ በር አይጠቅመኝም፣ ሁሉም በር ፊት ለፊት አንድ ነው፤ እኔ ከምመጣበት አቅጣጫ ሆናችሁ አንሱት፣ ከጎኑ ያለው በርና ምሰሶም ይግባበት አለ።

15. አሥራ አምስተኛው የማያውቁት ሰው ስልክ ላይ የቤት ፎቶና ፒን መተው ሞኝነት ነው ሲል ሁሉንም ወቀሰ። ስምንተኛው ተቆጣ፤ ሾፌር ሁሉ ሌባ ነው እንዴ ዓይነት ነገር ተወራወሩ። ሁለት ሦስት መልስ በዚህ አለቀ፣ እዘለዋለሁ። ከመሐሉ የሚጠቅመው አንዱ ብቻ ነበር፤ ፒኑ ቅያሱ አፍ ላይ ከሆነና የበሩ ምልክት በቃል ከተነገረ፣ ሾፌሩ ስልክ ላይ የሚቀረው የቤቱ ነጥብ አይደለም።

18. አሥራ ስምንተኛው ቅያሱ ስላልተሳለ ነው እንጂ ይህ ሁሉ ባላስፈለገ፣ ማንም ሰው ሊያርመው በሚችለው ካርታ በኦፕን ስትሪት ማፕ ላይ ራስህ ሳለው አለ። አራተኛው ደግሞ አንተ አንድ ካርታ ላይ ብትስለው ሌላው ካርታ ከዚያ ላይቀዳ ይችላል፣ መጀመሪያ ሾፌሮቹ የሚጠቀሙት የትኛውን እንደሆነ ጠይቅ አለው። ከዚያ የትኛው ካርታ ይሻላል በሚል ጥቂት ተነታረኩ።

21. ጠያቂው በሃያ አንደኛው ቁጥር የደረሰበትን አሳየ። ሁለት መልእክት ነው። አንዱ ቅያሱ አፍ ላይ ያለውን ነጥብ የያዘ ሊንክ ብቻ፣ ከሌላ ቃል ጋር ያልተደባለቀ። ሁለተኛው ጽሑፍ፦ «ፒኑ ቅያሱ አፍ ላይ ነው። ግባ። 4ኛው የመብራት ምሰሶ፣ ግራ፣ ጥቁር የብረት በር። መንገዱ ካለቀ አልፈሃል።» ከነክፍተቱና ከነነጥቡ 68 ፊደል። ቅያሱ መግቢያው አንድ ብቻ ስለሆነ ግራ የሚለው ቃል ከየት እንደሚታይ አያጠራጥርም፣ መጨረሻው ዝግ መሆኑም ማለፍን የሚያሳውቅ ምልክት ሆነለት።

22. ዘጠነኛዋ ተመልሳ ለማታውቀው ሰው ግባ፣ አልፈሃል ይባላል ወይ ብላ ገሠጸችው። ይግቡ፣ አልፈዋል ሲል አስተካከለው፤ 69 ሆነ፣ አሁንም በአንድ መልእክት ይሄዳል። ጥቁር የሚለው ማታ እንደማይሠራ ስምንተኛው አስታወሰው፤ እሱም አራተኛው ምሰሶ ላይ መብራት አለ ብሎ ተከራከረ።

24. አንድ ያልተፈታ ነገር ቀረ። አንዳንድ የማድረሻ መተግበሪያ ሾፌሩ ከፒኑ የተወሰነ ርቀት ውስጥ ካልሆነ ደርሻለሁ የሚለውን እንዲጫን አይፈቅድለትም። ፒኑ ከበሩ 90 ሜትር ርቆ ከተቀመጠ፣ ሾፌሩ በሩ ላይ ቆሞ መጫን ሊያቅተው፣ ወይም ቅያሱ አፍ ላይ ሆኖ ደርሻለሁ ብሎ ሰዓቱን ሊያስቆጥር ይችላል። ሁለተኛው መላሽ በመተግበሪያው ውስጥ ፒኑን በሩ ላይ፣ በመልእክት የሚላከውን ደግሞ አፉ ላይ ማድረግ እንደሚቻል ሐሳብ አቀረበ። ስምንተኛው ሁለት ፒን ያየ ሾፌር የሚያምነው መጀመሪያ የከፈተውን ነው ብሎ አልተቀበለውም። ከእነሱ በኋላ የጻፈው ሰው ስለ ጎረቤቱ ሁለት በር ያለው ግቢ ጠይቋል፣ እስካሁን መልስ አላገኘም።